የሙቀቱ ጂን ስንት እጥፍ ሆነ? ከኪውፒሲአር ፕሌት እስከ ላብ ሪፖርት

ሰኞ፣ ጥር 5

የመጀመሪያው ፕሌት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ሙከራው ሲነገር ቀላል ነው። ሄላ የሚባሉትን የሰው ሴሎች ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በ37 ዲግሪ ተውኩት፤ ግማሹን በ43 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አሙቄ፣ ወደ 37 መልሼ ሁለት ሰዓት አሳረፍኩት። ይህንኑ በሦስት የተለያዩ ቀናት ደገምኩት። ጥያቄዬ ሙቀት ያገኛቸው ሴሎች HSPA1A ከሚባለው ጂን ካላገኛቸው ይልቅ ስንት እጥፍ መልእክተኛ አርኤንኤ አላቸው የሚል ነው። ጂኑ ኤችኤስፒ70 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ ነው፤ ፕሮቲኑም ሙቀት ቅርጻቸውን ያበላሸባቸውን ሌሎች ፕሮቲኖች እየደገፈ ያስተካክላል። በዚህ ማስታወሻ «የሙቀቱ ጂን» እያልኩ እጠራዋለሁ። ማወዳደሪያ እንዲሆነኝ የያዝኩት ሪፈረንስ ጂን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚይዘው GAPDH ነው፤ ላብ ውስጥ እንደምንለው ጋፕዲኤች።

ኪውፒሲአር ዲኤንኤን በዙር እያባዛ መጠኑን የሚለካ ዘዴ ነው፤ ማሽኑ የሚሰጠኝም ሲቲ የሚባል ቁጥር ነው። በየዙሩ ዲኤንኤው እጥፍ ይሆናል፣ ዲኤንኤ ላይ ሲጣበቅ የሚያበራው የሳይበር ግሪን ቀለም ብርሃንም አብሮ ይጨምራል፤ ብርሃኑ የተቀመጠለትን መስመር የተሻገረበት ዙር ቁጥር ሲቲ ይባላል። ብዙ ይዞ የጀመረ ቶሎ ይሻገራል። ስለዚህ ሲቲ ባነሰ ቁጥር የነበረው አርኤንኤ ይበልጣል፤ የአንድ ሲቲ ልዩነት ማለት ደግሞ የሁለት እጥፍ ልዩነት ነው።

አላስችል ብሎኝ ገና ከማሽኑ ፊት ሳልነሳ የመጀመሪያውን ቀን ናሙና አሰላሁት። ኮንትሮሉ ላይ የሙቀቱ ጂን 24.70፣ ጋፕዲኤች 17.65። የሞቀው ላይ የሙቀቱ ጂን 20.78፣ ጋፕዲኤች 17.90። ከእያንዳንዱ ናሙና የጋፕዲኤችን ሲቲ ስቀንስ ኮንትሮሉ 7.05፣ የሞቀው 2.88 ሆነ። ይህ ዴልታ ሲቲ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ትንሽ የበዛ ወይም ያነሰ አርኤንኤ ገብቶ ከሆነ ሁለቱም ጂኖች አብረው ስለሚንሸራተቱ ልዩነቱ ያጣፋዋል። ከዚያ አንዱን ዴልታ ከሌላው ቀንሼ የሁለትን ኃይል ወሰድኩና 0.056 አገኘሁ።

ሙቀት ጂኑን አሥራ ስምንት ጊዜ አሳነሰው ማለት ነው? ለደቂቃ ያህል እውነት መሰለኝ። ግን ጥሬውን ቁጥር መልሼ ሳየው የሙቀቱ ጂን ሲቲ ከ24.70 ወደ 20.78 ወርዷል፤ ጋፕዲኤች ከቦታው ብዙም አልተነሳም። በአራት ዙር የቀደመ ጂን እንዴት ያንሳል? ጥፋቱ የመቀነሱ ቅደም ተከተል ነበር። ኮንትሮሉን ከሞቀው መቀነስ ሲገባኝ የሞቀውን ከኮንትሮሉ ቀንሼዋለሁ። ትክክለኛው 2.88 ሲቀነስ 7.05፣ ማለትም −4.17 ነው፤ ቀመሩም ፊቱ ላይ ሌላ መቀነሻ ስላለው ውጤቱ 18.0 ይሆናል።

```
ddCt = dCt(heat) - dCt(ctrl)
fold = 2^(-ddCt)
```

ሁለቱ የመቀነስ ምልክቶች አንዱ አንዱን እየሰረዘ ሰው ያደናግራል። ከዛሬ ጀምሮ ኤክሴል ከመክፈቴ በፊት ጥሬውን ሲቲ አይቼ «ወጣ ወይስ ወረደ?» የሚለውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ልጽፍ ወስኛለሁ። 18 እና 0.056 አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆኑ ቁጥሩ ራሱ ስህተቱን አይነግርህም።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

18 እጥፍ ብዬ ለላብ ጓደኛዬ ላሳየው ሄድኩ። ቁጥሩን እንኳ አላየም። «ማይነስ አርቲህ ስንት ነው?» አለኝ።

አስቀምጬው ነበር፤ አላየሁትም። ማይነስ አርቲ ማለት ያው አርኤንኤ፣ ያው ቅይጥ፣ ግን አርኤንኤውን ወደ ሲዲኤንኤ የሚቀይረው ኢንዛይም ያልገባበት ቱቦ ነው። ሲዲኤንኤ ስለሌለው ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ የሚያሳየው ከሴሉ አብሮ የወጣ ጄኖሚክ ዲኤንኤን ነው። ፕሌቱ ግርጌ ላይ ያሉትን ዌሎች፣ ማለትም ናሙና የሚገባባቸውን ትናንሽ ጉድጓዶች፣ ውጤት ስከፍት የሙቀቱ ጂን ማይነስ አርቲ 26.60 ላይ ተሻግሯል። ኮንትሮሉ ራሱ 24.70 ነው። ልዩነታቸው 1.9 ዙር ብቻ!

ወረቀት አውጥተን አሰላን። 2 ሲነሳ በ−1.9 ወደ 0.27 ይመጣል። ኮንትሮሌ ላይ አርኤንኤ ብዬ ከቆጠርኩት ውስጥ 27 በመቶው አርኤንኤ አይደለም፤ ክሮሞዞም ነው። የሞቀው ናሙና ላይ ግን ያው መጠን ያለው ቆሻሻ በብዙ እውነተኛ አርኤንኤ መካከል ስለሚሰጥም 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቆሻሻው ሁለቱን እኩል ቢያቆሽሽ ኖሮ ይጣፋ ነበር፤ እሱ ግን ትንሹን አግዝፎ ትልቁን እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ ልዩነቱን ያጠበዋል። 18 የሚለው ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነው ማለት ነው። «ጨምሯል ካልኩ ምን ችግር አለው» ብዬ ነበር፤ ችግሩ ሪፖርቱ የሚጠይቀኝ ስንት ብሎ መሆኑ ነው።

የሚባዛውን ቦታ የሚመርጠው አጭር ዲኤንኤ፣ ፕራይመሩ፣ ለምን አልከለከለውም? ለብዙ ጂኖች መፍትሔው ፕራይመሩን ሁለት ኤክሶኖች የሚገናኙበት ላይ ማስቀመጥ ነው። በክሮሞዞሙ ላይ በመካከላቸው ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ኢንትሮን ስላለ ፕራይመሩ እዚያ አይያዝም ወይም የሚወጣው ቁራጭ በጣም ይረዝማል። የሙቀቱ ጂን ግን ኢንትሮን የለውም። አርኤንኤው እና ክሮሞዞሙ በዚያ ቦታ ፊደላቸው አንድ ነው፤ ፕራይመር ሊለያቸው የሚችልበት ምንም መንገድ የለም። የተባዛው ቁራጭ በስንት ዲግሪ እንደሚለያይ የሚያሳየው መልት ከርቭም ቢሆን አይረዳም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁራጭ ስለሚሰጡ አንድ ጥሩ፣ ንጹሕ፣ አታላይ ጫፍ ነው የሚታየው።

ጋፕዲኤች ኢንትሮን አለው፤ ግን እሱም ቢሆን አያስተማምንም። በሰው ጂኖም ውስጥ ኢንትሮናቸውን የጣሉ ብዙ የጋፕዲኤች ቅጂዎች፣ የማይሠሩ ሱዶጂኖች፣ ተበትነው ይገኛሉ፤ ኤክሶን መገናኛ ላይ የተቀመጠ ፕራይመርም እነሱን ያነሳቸዋል። እኔን ያዳነኝ ጋፕዲኤች በ18 ዙር አካባቢ የሚነሳ ብርቱ ጂን መሆኑ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 8

የተረፈውን አርኤንኤ በሙሉ ዲኤንኤን በሚቆራርጠው ኢንዛይም፣ በዲኤንኤዝ፣ አከምኩት፤ ስድስቱንም ናሙናዎች፣ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ።

ኢንዛይሙን ለማጥፋት በቀጥታ ወደ ማሞቂያው ልወስደው ስል ጋሼ፣ ቴክኒሻናችን፣ ከወዲያ ማዶ «ኢዲቲኤውን ሳታስገባ?» አሉኝ። ዲኤንኤዙ የሚሠራው በማግኒዥየም ነው፤ ማግኒዥየም ባለበት አርኤንኤን ብታሞቀው ደግሞ አርኤንኤው ራሱ ይቆራረጣል። መጀመሪያ ኢዲቲኤ ገብቶ ማግኒዥየሙን ይያዝ፣ ከዚያ 65 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ። ጋሼ ባይኖሩ ዛሬ ስድስት ቱቦ ፍርፋሪ ነበረኝ።

ከእያንዳንዱ 500 ናኖግራም አርኤንኤ ወስጄ ሲዲኤንኤ ሠራሁ። ማይነስ አርቲውንም ጎን ለጎን።

ዓርብ፣ ጥር 9

የሁለትን ኃይል የምንወስደው በየዙሩ ዲኤንኤው በትክክል እጥፍ ይሆናል ብለን ነው። ሊቫክ እና ሽሚትገን እ.ኤ.አ. በ2001 ዘዴውን ሲያስቀምጡ የተደገፉበት ግምት ይኸው ነው፤ የሁለቱም ጂኖች ቅልጥፍና ወደ መቶ በመቶ የተጠጋና እርስ በርሱ የተመሳሰለ መሆን አለበት። እኔ እስካሁን አምኜ ነው እንጂ አይቼ አላውቅም። ከበዓሉ በፊት ማሽኑ ባዶ ስለነበር ስታንዳርድ ከርቩን፣ ማለትም ናሙናው በቀጠነ ቁጥር ሲቲው እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳየውን መሥመር፣ ዛሬ ጨረስኩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማቅጠኛውን የሠራሁት ከሞቀው ሲዲኤንኤ ነው። የሙቀቱ ጂን ኮንትሮሉ ላይ ትንሽ ስለሆነ እሱን አሥር እጥፍ አራት ጊዜ ባቀጥነው የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ከ35 በላይ ወድቀው ጫጫታ ይሆኑ ነበር። ከሞቀው ሲጀመር የሙቀቱ ጂን ነጥቦች ከ21 እስከ 34.5 ተዘርግተው መሥመር ይዘዋል።

የመሥመሩ ዝቅታ፣ ማለትም slope፣ ለሙቀቱ ጂን −3.38፣ የጋፕዲኤች −3.32 ወጣ። ቅልጥፍናው ከዚህ ይሰላል፦

```
E = 10^(-1/slope) - 1
```

የመጀመሪያው 97.6 በመቶ፣ ሁለተኛው 100.1 በመቶ። የሁለቱ ዝቅታ ልዩነት 0.06 ነው፤ በሊቫክ ዘዴ ለመቀጠል በተለምዶ የሚፈለገው ከ0.1 በታች መሆኑን ነው። አለፍኩ።

ባላልፍስ ኖሮ? የሙቀቱ ጂን ፕራይመር 85 በመቶ ብቻ ቢሠራ በየዙሩ የሚባዛው በ2 ሳይሆን በ1.85 ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን እንደ ሰኞው ባለ የ4.17 ዙር ልዩነት ላይ ስትደራረብ 18 እጥፍ ብዬ ያወጣሁትን ወደ 13 ታወርደዋለች። እንዲህ ሲሆን የእያንዳንዱን ጂን ቅልጥፍና ለየብቻ የሚያስገባው የፕፋፍል ቀመር ነው መፍትሔው፤ ወይም ፕራይመሩን ቀይሮ መገላገል።

ነገ ከተራ ነው። ማሽኑን አጠፋሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ጥምቀትም ቃና ዘገሊላም አለፈ። ሁለተኛው ፕሌት ዛሬ ነው። ስድስቱም ናሙናዎች፣ ሁለቱም ጂኖች፣ እያንዳንዳቸው በሦስት ዌል፤ ያ 36 ነው። የሙቀቱ ጂን ማይነስ አርቲ በሁለት በሁለት ዌል 12። ምንም ናሙና የሌለበት፣ ውሃ ብቻ የገባበት 6። ሁሉም አንድ ፕሌት ላይ እንዲወድቁ አድርጌአለሁ፤ ሁለት ቀን ላይ ብከፍላቸው የመለኪያ መስመሩ ሌላ ቦታ ሊወድቅና ሲቲዎቹ ሊንሸራተቱ ይችላሉ።

መጀመሪያ የከፈትኩት የፕሌቱን ግርጌ ነው፤ ተምሬአለሁ። ማይነስ አርቲዎቹ ግማሾቹ ምንም አላሳዩም፣ የቀሩት ከ35 በኋላ ነው የተነሱት። ኮንትሮሎቹ 25 አካባቢ ስለሆኑ ርቀቱ ከዘጠኝ ዙር በላይ ነው። ሰባት ዙር ርቀት እንኳ ቆሻሻውን ከአንድ በመቶ በታች ስለሚያደርገው ይህ ከበቂ በላይ ነው። የጋፕዲኤች የውሃ ዌል አንዱ 36.8 ላይ ብቅ ብሏል፤ መልት ከርቩ ላይ ጫፉ ከእውነተኛው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለወደቀ ፕራይመሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የሠሩት ቁራጭ ነው። ናሙናዎቹ 18 ላይ እየተነሱ 36.8 አያሰጋኝም፤ ሪፖርቱ ውስጥ ግን ጽፌዋለሁ።

አንድ ዌል ግን አስቸገረኝ። የሁለተኛው ቀን የሞቀ ናሙና፣ የሙቀቱ ጂን፣ ሦስቱ ዌሎች፦ 21.58፣ 21.62፣ 22.94። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፤ ሦስተኛው ከአንድ ዙር በላይ ርቋል። ሦስቱን እንዳሉ አማካይ ብወስድ 22.05 ይመጣል፤ ያቺ አንዲት ዌል የዚያን ቀን ውጤት ከ19.7 እጥፍ ወደ 14.4 ትጎትተዋለች።

አማካይ ስላላማረኝ ብቻ ልጥላት አልችልም። ስለዚህ ጥሬውን የብርሃን ከርቭ ከፈትኩ። የሁለቱ ከርቭ አንድ ላይ ተደርቦ ይወጣል፤ የሦስተኛዋ በአሥረኛው ዙር አካባቢ ከመሬቷ ድንገት ዘላ ወረደች፣ ከዚያ ተጋድማ ተነሳች። አየር ነበረባት፤ አረፋው ሲሞቅ ፈነዳ። ዌሏን ጣልኳት፣ ምክንያቷንም ጻፍኩ። የራሴ ደንብ ከፕሌቱ በፊት ደብተሬ ላይ ሰፍሮ ነበር፦ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ከ0.5 ሲቲ በላይ ከራቀና ከርቩ ላይ የሚታይ ምክንያት ካለው ይወጣል፤ የሚታይ ምክንያት ከሌለው ናሙናው ይደገማል። ደንቡ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ከተጻፈ ደንብ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር 14

የየዌሎቹን አማካይ ወስጄ ያገኘሁት ይኸው ነው፤ ሙሉ ዳታዬ አምስት ዓምድ እና ሦስት ረድፍ ሆነ።

```
rep,ctrl_HSPA1A,ctrl_GAPDH,heat_HSPA1A,heat_GAPDH
1,25.40,17.90,20.95,18.05
2,25.85,18.15,21.60,18.20
3,25.10,17.80,20.60,17.90
```

ከመቀነሴ በፊት በእርሳስ፦ የሙቀቱ ጂን ሲቲ ወርዷል፤ ስለዚህ ጨምሯል፤ ስለዚህ መልሱ ከ1 መብለጥ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ጋፕዲኤች ነው። ሪፈረንስ ጂኑ ራሱ በሙቀት የሚናወጥ ከሆነ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ውጤቴ ይዛወራል፤ አንድ ዙር ቢንቀሳቀስ ውጤቴ በሁለት ይባዛል ወይም ይካፈላል። የኮንትሮሎቹ አማካይ 17.95፣ የሞቁት 18.05 ነው። እያንዳንዱ ናሙና ከእኩል 500 ናኖግራም አርኤንኤ ስለተሠራ ይህ የ0.10 ልዩነት ትርጉም አለው፤ ጋፕዲኤች በዚህ ሙከራ ከቦታው አልተነሳም ለማለት ያስደፍራል። በሌላ ሙከራ፣ ለምሳሌ ኦክስጅን ባነሰበት ሴል ላይ፣ ጋፕዲኤች ራሱ እንደሚጨምር ስለሚታወቅ እንዲህ አልልም ነበር።

አሁን መቀነስ። የኮንትሮሎቹ ዴልታ ሲቲ 7.50፣ 7.70፣ 7.30። የሞቁት 2.90፣ 3.40፣ 2.70። በየቀኑ የሞቀውን ከዚያው ቀን ኮንትሮል ጋር ሳገናኘው ዴልታ ዴልታ ሲቲው −4.60፣ −4.30፣ −4.60፤ አማካዩ −4.50 ነው። 2 ሲነሳ በ4.5፣ 22.6።

የመጀመሪያው ቀን ናሙና ብቻውን ሲታይ 24.3 ሆኗል። ባለፈው ሰኞ 18.0 ነበር። ያው ሴል፣ ያው አርኤንኤ፤ የተጨመረው ዲኤንኤዝ ብቻ።

ለማረጋገጫ የዓርቡን ቅልጥፍና በፕፋፍል ቀመር አስገብቼ 21.5 አገኘሁ። ከ22.6 ጋር ያለው ልዩነት ቀኖቹ እርስ በርስ ካላቸው ልዩነት ያነሰ ስለሆነ በሊቫክ ዘዴ እቀጥላለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ዛሬ የግራፉ ቀን ነበር፤ ከአማካሪዬም ጋር የተሟገትኩበት። ባር ግራፍ ሠርቼ ወሰድኩላቸው፦ ኮንትሮል 1፣ የሞቀው 22.6፣ ላዩ ላይ ትንሽዬ ኢረር ባር፣ ግርጌው «n = 9»።

«ዘጠኙ ከየት መጣ?» አሉኝ።

«ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ሦስት ዌል…»

«አንድ ቱቦ ውስጥ ያለን ሲዲኤንኤ ሦስት ቦታ ብታንጠባጥበው ሦስት ሙከራ ሆነ? ዌሉ የሚነግርህ እጅህ ፒፔት ላይ ምን ያህል እንደሚረጋ ነው። ሴሎቹ በሌላ ቀን ቢሞቁ ምን እንደሚሆን የሚነግሩህ ሦስቱ ቀናት ናቸው።»

እውነታቸውን ነው። ዌሎቹ ወደ አንድ አማካይ ተጠቃልለው ሥራቸው እዚያ ያበቃል፤ የሚቆጠረው 3 ነው። በዘጠኝ ስቆጥር ኢረር ባሩ ያለ አግባብ አጥሮ፣ ፒ ቫልዩውም ያላገኘሁትን እርግጠኝነት ያወራልኝ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው «ቲ ቴስቱን በምን ላይ ነው የሠራኸው?» ነበር። በእጥፎቹ ላይ ነበር የሠራሁት፦ 24.3፣ 19.7፣ 24.3 በአንድ በኩል፣ 1፣ 1፣ 1 በሌላው። ሲሉት ይሰማል፤ ኮንትሮሉን በየቀኑ 1 አድርጌ ስለቸነከርኩት ልዩነት የሚባል ነገር የለውም፣ ፈተናው ግን ልዩነት ፈልጎ ነው የሚመጣው። እጥፍ የሚባለው ቁጥር ራሱም ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ግማሽ መሆን እና ሁለት እጥፍ መሆን በሲቲ ሚዛን ከዜሮ እኩል የራቁ ናቸው፤ አንዱ +1፣ አንዱ −1። በእጥፍ ሚዛን ግን አንዱ 0.5 ነው፣ አንዱ 2።

ለዚሁ ነው አማካይም በሲቲ ሚዛን መወሰድ ያለበት። አንድ ቀን 2 እጥፍ፣ በሌላው 8 እጥፍ ብታገኝ ተራው አማካይ 5 ይልሃል፤ ዴልታ ዴልታ ሲቲውን (−1 እና −3) አማካይ ወስደህ በመጨረሻ ብትቀይረው 4 ይሰጥሃል። የኔ ዳታ ተቀራራቢ ስለሆነ 22.7 ወይም 22.6 ብል ማንም አይጎዳም፤ ዳታው ሲበታተን ግን ተራው አማካይ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያጋንነው።

ወደ ቤት ሳልሄድ ኤክሴሉን ትቼ አጭር ስክሪፕት በአር ጻፍኩ። ፈተናው የተጣመረ ነው፤ ኮንትሮሉና የሞቀው በየቀኑ ከአንድ ጠርሙስ የተከፈሉ መንትዮች ስለሆኑ።

```r
d <- read.csv("ct.csv")
dct_c <- d$ctrl_HSPA1A - d$ctrl_GAPDH
dct_h <- d$heat_HSPA1A - d$heat_GAPDH
r <- t.test(dct_h, dct_c, paired = TRUE)
2^-mean(dct_h - dct_c)
2^-r$conf.int
```

አማካይ −4.50፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 0.17፣ ፒ ቫልዩ 0.0005። የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ በሲቲ ሚዛን ከ−4.93 እስከ −4.07 ነው። ወደ እጥፍ የሚቀየረው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻዋ መሥመር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ስክሪኑ 30.5 ካለ በኋላ 16.8 ብሎ ተገላቢጦ ይጽፋል፤ የመቀነስ ምልክቱ ሥራ ነው፣ ስህተት አይደለም።

22.6 ከ16.8 በ5.8 ይርቃል፣ ከ30.5 ግን በ7.9። ኢረር ባሩ ከላይ ይረዝማል፣ ከታች ያጥራል። በተራው የእጥፍ አክሲስ ላይ እኩል ሆኖ ከተሳለ ሰውየው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ከቀየረ በኋላ አስልቶታል ማለት ነው። ከአሁን በኋላ የሰው ግራፍ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ክፉ ልማድ ሆነብኝ።

እሑድ፣ ጥር 18

ሪፖርቱን እየጻፍኩ ነው። ባር ግራፉን ትቼ ሦስቱን ቀናት በሦስት ነጥብ አሳየኋቸው፤ ሦስት ነጥብ ላለው ሰው ባር መሳል ባዶ ሳጥን መቀባት ነው። የቁሙ አክሲስ በሁለት ሎግ ስለሆነ ኢንተርቫሉ እዚያ ላይ እኩል ሆኖ ይታያል፣ ነጥቦቹም አይጨናነቁም።

ዘዴው ክፍል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው MIQE የተባለው የኪውፒሲአር መመሪያ የሚጠይቀውን በቻልኩት መጠን አስገባሁ፦ የዲኤንኤዙን ነገር፣ ምን ያህል አርኤንኤ እንደተቀየረ፣ የፕራይመሮቹን ፊደል፣ የሁለቱንም ቅልጥፍና፣ የማይነስ አርቲውንና የውሃውን ሲቲ፣ የተጣለችውን ዌል። መመሪያው ሲቲን «ሲኪው» እንድንለው ይመክራል፤ ማሽናችን ግን አሁንም ሲቲ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ እኔም ተከትዬዋለሁ። ያላሟላሁት አንድ ትልቅ ነገር ሪፈረንስ ጂኑ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የተሻለው ሁለት ወይም ሦስት ይዞ አለመናወጣቸውን ማሳየት ነበር። ጋፕዲኤች በእኩል አርኤንኤ ላይ 0.10 ብቻ መንቀሳቀሱን አስፍሬ ድክመቱን በግልጽ ጽፌዋለሁ። አማካሪዬ «ለላብ ሪፖርት ያልፋል፣ ለጆርናል አያልፍም» ብለዋል።

የውጤት ዓረፍተ ነገሯ ላይ ብዙ ቆየሁ። ለቡድኑ በአማርኛ ላስረዳ ስዘጋጅ መጀመሪያ የጻፍኩት «በ22.6 እጥፍ ጨመረ» የሚል ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ጎረበጠኝ፤ የነበረው ላይ 22.6 ተጨምሮ 23.6 ሆነ ብሎ የሚሰማ ሰው ይኖራል። እኛ ያለን የሁለቱ ንጽጽር ነው። እንዲህ ብዬ አስተካከልኩት፦

«በ43 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሞቀው ለሁለት ሰዓት ያረፉ ሄላ ሴሎች ውስጥ የሙቀቱ ጂን መልእክተኛ አርኤንኤ፣ በጋፕዲኤች ተመዝኖ፣ የኮንትሮሉን 22.6 እጥፍ ሆኗል (የ95 በመቶ ኢንተርቫል ከ16.8 እስከ 30.5፤ ሦስት ነጻ ሙከራዎች፤ በዴልታ ሲቲ ላይ የተሠራ የተጣመረ ቲ ቴስት፣ p = 0.0005)።»

«መልእክተኛ አርኤንኤ» የምትለዋን ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት። ፕሮቲኑ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይህ ፕሌት አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሪፖርቱ በአማካሪዬ ቀይ ብዕር ተመለሰ። ቁጥሮቹን አልነኩም። የግራፉ ርዕስ ላይ ግን HSPA1A የሚለውን ከብበው ከጎኑ «ብቻውን ነው?» ብለው ጽፈዋል።

ፕራይመሮቹን ጂኖሙ ላይ ፈለግኳቸው። HSPA1B የሚባል ጎረቤት ጂን አለ፤ ፊደሉ ከሙቀቱ ጂን ጋር እጅግ ይመሳሰላል፣ እሱም ኢንትሮን የለውም፣ እሱም በሙቀት ይነሳል። የኔ ፕራይመሮች ሁለቱንም አንድም ፊደል ሳይሳሳቱ ይይዛሉ። ስለዚህ 22.6 የአንድ ጂን ሳይሆን የሁለቱ ድምር ነው። ስሌቱ አልተለወጠም፤ ርዕሱን፣ የአክሲሱን ስምና የውጤቱን ዓረፍተ ነገር ወደ HSPA1A/HSPA1B ቀየርኩና መልሼ ላክሁት።